ቅሬታ ሲደርሰን በመጀመሪያው ቀን የምንጽፈው ደብዳቤ

(በማኅበራችን ወርኃዊ የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንዲት አጭር ደብዳቤ ነው። ደንበኛ ከባልትና ሱቃችን ገዝታ ቅሬታ ስታቀርብ፣ ገና ምንም ሳናጣራ «ቅሬታዎ ደርሶናል» ብለን የምንሰጣት ደብዳቤ ናት። መልሱን የያዘው ደብዳቤ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ሌላ ደብዳቤ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንዲት ምግብ ቤት ያላት ደንበኛ በርበሬና ሽሮ በዱቤ ትወስዳለች እንበል። የዱቤ መዝገባችን 1,200 ብር ይቀራታል ይላል። እሷ ደግሞ «ለሱቋ ልጅ በእጄ ሰጥቻለሁ፣ ሥራ ስለበዛባት ደረሰኝ አልቆረጠችልኝም» ትላለች። ሐሙስ የካቲት 19 ቀን መጥታ ቅሬታዋን ታስመዘግባለች።

ብዙ ቦታ ለእንዲህ ያለ ሰው የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ «ጉዳዩ እየታየ ነው፣ የሚመለከተው አካል በቅርቡ ያሳውቅዎታል» ይባላል። በቅርቡ ማለት መቼ ነው? የሚመለከተው አካልስ ማን ነው? ደንበኛዋ የምትይዘው ነገር ስለሌለ ከሦስት ቀን በኋላ ትመለሳለች፤ ሌላ ሰው ታገኝና ታሪኩን እንደገና ከመጀመሪያው ትናገራለች። በመካከሉ ዱቤ የሚሰበስበው ሰው ደውሎ ያንኑ 1,200 ብር ይጠይቃታል። ያን ጊዜ ቅሬታዋ ስለ 1,200 ብር መሆኑ ይቀርና «ሌባ አደረጉኝ» ወደሚል ይዞራል።

ስለዚህ ደብዳቤዋ የምትመልሰው ጥያቄ ሁለት ነው፤ ማን ይዞታል፣ መልሱስ በየትኛው ቀን ይመጣል።

በቀኑ ልጀምር። የምንሰጠው ጊዜ ከግምት ሳይሆን ከሥራው መነሣት አለበት። ለዚህ ጉዳይ የደረሰኝ ጥራዙንና የዕለቱን የገንዘብ ቆጠራ ማየት አንድ ቀን ይወስዳል። የባንክ መግለጫ አውጥቶ ገቢ ከሆነው ጋር ማመሳከር ሌላ አንድ ቀን ነው። የሱቋን ልጅና ደንበኛዋን ለየብቻ ማነጋገር አንድ ቀን፣ መልሱን ጽፎ ማስፈረም አንድ ቀን ይፈልጋል። ሰው ቢታመም ወይም መብራት ቢጠፋ ብለን አንድ ቀን እንጨምር፤ አምስት የሥራ ቀን ሆነ። ሁለት ቀን ብለን ቃል ገብተን ከምናፈርስ አምስት ብለን በአራተኛው ብንጨርስ ይሻላል።

ነገር ግን «በአምስት የሥራ ቀን» ብላችሁ ብቻ አትተዉት። ደንበኛዋ ከየካቲት 19 ጀምራ በጣቷ ብትቆጥር ማክሰኞ የካቲት 24 ትመጣለች። በእኛ ቆጠራ ግን ዓርብ 20 አንደኛው ቀን ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ቢሮው ዝግ ነው፤ ሰኞ የካቲት 23 የዓድዋ በዓል ነው፤ ማክሰኞ 24 ገና ሁለተኛው ቀን ይሆናል። አምስተኛው ዓርብ የካቲት 27 ላይ ይውላል። እኛ አልዘገየንም፣ እሷም አልተሳሳተችም፤ ሁለታችንም ግን እንጣላለን። ዕለቱን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ስትጽፉ ይህ ሁሉ ይቀራል።

ወደ ሰውየው ልምጣ። እንደ ሂሳብ ሠራተኛ አጥብቄ የምለው፣ ቅሬታ የቀረበበትን ሥራ የሠራ ሰው ቅሬታውን አያጣራም። ገንዘቡን ተቀብላለች የተባለችው የሱቋ ልጅ አታጣራውም፤ የዕለቱን ገንዘብ ከእሷ የተረከበችው ገንዘብ ያዥም አታጣራውም። በዚህ ምሳሌ መዝገቡን የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ እኔም ሰነድ ከማቅረብ አላልፍም። ማጣራቱ የቁጥጥር ኮሚቴ አባል ሥራ ይሆናል። ይህ ልጅቷንም ይጠብቃታል፤ ንጹሕ ሆና ብትገኝ «ራሳቸው አይተው ራሳቸው ነጻ አወጧት» የሚል አይኖርም። ደብዳቤው ላይ የእሷን ስም አንጽፍም፤ የሚጻፈው የሚያጣራው ሰው ስምና ስልክ ነው።

እንግዲህ ናሙናው ይህ ነው፤ ክፍቱን ቦታ ብቻ እየሞላችሁ ትጠቀሙበታላችሁ።

የቅሬታ ቁጥር፦ ______
ቀን፦ ______
ለወ/ሮ (ለአቶ) ______
ጉዳዩ፦ ቅሬታዎ የደረሰን መሆኑን ስለመግለጽ

በቀን ______ ያቀረቡት ቅሬታ ደርሶናል። እኛ የተረዳነው እንደሚከተለው ነው፦ ____________። የተሳሳትነው ነገር ካለ እባክዎ ያርሙን።

ጉዳዩን የሚያጣሩት ወ/ሮ ______፣ የሥራ ድርሻ ______፣ ስልክ ______ ናቸው። እርሳቸው ባይኖሩ ______ ያነጋግሩዎታል።

የጽሑፍ መልስ እስከ ______ ቀን (ዕለት ______) ከቀኑ ______ ሰዓት ድረስ እንሰጥዎታለን። እስከዚያ ካልጨረስን በዚያው ዕለት ምክንያቱንና አዲሱን ቀን ራሳችን ደውለን እንነግርዎታለን።

መልስ እስክንሰጥዎ ድረስ ቅሬታ ያቀረቡበትን ብር ______ እንዲከፍሉ አንጠይቅዎትም።

በመልሱ ካልተስማሙ ለማኅበሩ ሰብሳቢ ማቅረብ ይችላሉ።

ስምና ፊርማ፦ ______

ሁለት ቅጂ ይዘጋጃል፤ አንዱ ለደንበኛዋ፣ አንዱ እሷ ፈርማበት ለፋይላችን። ቅሬታው በቀረበበት ዕለት ወይም ቢዘገይ በማግሥቱ የሥራ ቀን ይሰጣታል።

«የተረዳነው» የሚለውን መስመር አትዝለሉት። «ስለ ሂሳብ ቅሬታ» ብሎ መጻፍ አይበቃም። «የካቲት 12 ቀን 1,200 ብር በጥሬ ገንዘብ ከፍያለሁ፣ ደረሰኝ ግን አልተሰጠኝም ብለዋል» ብላችሁ ጻፉ። ያን ጊዜ የሚያጣራው ሰው የየትኛውን ቀን ቆጠራ እንደሚያይ ያውቃል።

ስለ ዱቤው የተጻፈው መስመርም ከወረቀት ማለፍ አለበት። ደብዳቤው በወጣ ሰዓት በዱቤ መዝገቡ ላይ «በማጣራት ላይ» ተብሎ ካልተጻፈ ዱቤ ሰብሳቢው ሳያውቅ ይደውላል፤ ቃላችን በዚያው ፈረሰ ማለት ነው።

ደብዳቤው ላይ የማይጻፍም አለ። «ገንዘብዎን እንመልሳለን» ወይም «ስህተቱ የእኛ ነው» አንልም፤ ገና አላየንም። «አልከፈሉም» አንልም፤ እሱንም አላየንም። ምክንያቱም ማጣራቱ በብዙ መንገድ ሊያልቅ ይችላል። ገንዘቡ በስም መመሳሰል በሌላ ደንበኛ ሂሳብ ላይ ተመዝግቦ ሊገኝ ይችላል። ወይም ደረሰኝ ሳይቆረጥ ሣጥን ውስጥ ገብቶ ከሆነ፣ የየካቲት 12 ቆጠራ ከደረሰኞቹ ድምር በ1,200 ብር በልጦ ይታያል። ሁለቱም ካልሆነ፣ ደረሰኝም ትርፍም ከሌለ፣ የሁለት ሰው ቃል ብቻ ይቀራል። ያንን በሂሳብ መፍታት አይቻልም፤ ውሳኔው የኮሚቴው ይሆናል፣ የወሰነበትን ምክንያትም በጽሑፍ ይገልጻል።

ደብዳቤዋ ሥራዋን መሥራቷን የምናውቅበት መንገድ ቀላል ነው። በቅሬታ መዝገቡ ላይ ቃል የገባንበትን ቀንና መልስ የሰጠንበትን ቀን ጎን ለጎን እንጻፍ። ሁለተኛው ቀን ደጋግሞ ከመጀመሪያው ካለፈ፣ ወይ የሰጠነው ቀን አንሷል ወይ ሥራው አንድ ሰው ላይ ተከምሯል። ደንበኛዋ ከቀኑ በፊት ደጋግማ ከደወለች ደግሞ ደብዳቤውን ማንበብ ተቸግራ ሊሆን ስለሚችል፣ ስንሰጣት ቀኑንና የሰውየዋን ስም ድምፃችንን ከፍ አድርገን እናንብብላት።

የናሙናውን ቅጂዎች ለሱቁና ለቢሮው አዘጋጅቻለሁ፤ ስትወጡ ከጸሐፊያችን ውሰዱ።