«ይመሳከሩ» ብለን የጻፍነው ማስታወሻ



በሰኔ መጀመሪያ ከቢሯችን ለጽጽቃ ቡድን የላክነው ማስታወሻ «የቁጠባ ደብተሮች ከመዝገቡ ጋር በቶሎ ይመሳከሩ» ይል ነበር። ሳምንት አለፈ፤ አንድም ደብተር አልተነካም። ጸሐፊዋ ገንዘብ ያዥዋን ጠበቀች፤ ገንዘብ ያዥዋም ጸሐፊዋን። ጥፋቱ የእኛ ነበር። «ይመሳከሩ» ስንል ማን እንደምታመሳክር አልተናገርንም፤ «በቶሎ» ስንልም ቀን አልቆረጥንም። የበጀት ዓመቱ ሒሳብ ደግሞ ሰኔ 30 ይዘጋል።

አስተባባሪያችን እንደገና እንዲህ ጻፈች፦

«እህቶቼ፣ ያለፈው ማስታወሻ ጉድለት የእኔ ነው። ጸሐፊዋ የ18ቱንም አባላት ደብተር እስከ ሰኔ 16 ሰብስባ ለገንዘብ ያዥዋ ታስረክባለች። ገንዘብ ያዥዋ እስከ ሰኔ 20 ከቀኑ 11 ሰዓት ድረስ አመሳክራ ትጨርሳለች። ልዩነት ካገኘች ደብተሩ ላይ ምንም ሳትሰርዝ የአባሏን ስምና የጎደለውን ብር በወረቀት ጽፋ ለሒሳብ ክፍል ትልካለች። ቀኑ የማይመቻት እስከ ነገ ትንገረኝ።»

መጀመሪያ ሰኔ 21 ብላ ነበር፤ የማርያም በዓል መሆኑን ስናስታውሳት ወደ 20 መለሰችው። ማመሳከሩንም ለሁለቱ በጋራ አልሰጠችም፤ ለሁለት የተሰጠ ሥራ ተመልሶ ባለቤት ያጣልና።

ሥራው በቀኑ አለቀ። አንዲት እናት የከፈሉት 50 ብር በደብተራቸው ሰፍሮ በመዝገቡ አልነበረም። የብድር ጣሪያቸው በቁጠባቸው ልክ ስለሆነ ሳይታረም ቢዘጋ ይጎዱ ነበር።

ዛሬ ቃለ ጉባኤያችንን ስንፈርም «ይደረግ» የሚል ካገኘን፣ ማን ታድርገው? እስከ መቼ? ብለን እንጠይቅ።