ተከራይ ያስቀባውና የሰቀለው ነገር ቤቱን ሲለቅ የማን ነው?

የማኅበሩ ጸሐፊ በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ያደረገው ንግግር



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው። ይኸውም በዚህ ወር ለጽሕፈት ቤታችን በጽሑፍ የቀረበ የአንድ ተከራይ ጥያቄ ነው። ስማቸውን አልጠራም። አከራያቸውም እዚሁ መካከላችን ስላሉ የእሳቸውንም አልጠራም። ሁለቱም ፈቅደውልኝ ነው የምናገረው።

ጥያቄው እንዲህ ይላል። «የተከራየሁት ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ግድግዳው ጠቁሯል፣ ልስኑም እዚህም እዚያም ተላልጧል። በራሴ ወጪ ስቱኮ አስደርጌ ቀለም ላስቀባ፣ ከጓሮ ባለው የብሎኬት ሻወር ቤት የውሃ ማሞቂያ ላሰቅል፣ ወጥ ቤቱም ውስጥ መደርደሪያ ላሠራ እፈልጋለሁ። አከራዬን እትዬ ብዬ ብጠይቃቸው ‹እንደወደድክ አድርገው ልጄ› አሉኝ። ግን ነገ ከቤቱ ስወጣ ያወጣሁት ገንዘብ ምን ይሆናል? የሰቀልኩትስ የማን ነው?»

አከራይዋን ጠርተን ስናነጋግራቸው ደግሞ፣ «ቤቴን የሚያሳምርልኝን ሰው አልጠላም፤ የምፈራው ሲወጣ ግድግዳዬን ቦርቡሮት እንዳይሄድ ነው» አሉ።

ወገኖቼ፣ ጠቡ የሚወለደው «እንደወደድክ አድርገው» ከሚለው ቃል ነው። ተከራዩ ይህን ሲሰማ «ወጪዬን ያስቡልኛል» ይላል። አከራይዋ ደግሞ «በገዛ ፈቃዱ አሳመረልኝ» ይላሉ። ሁለቱም አልዋሹም። ፈቃድ ተሰጠ እንጂ ንብረቱ የማን እንደሚሆን ማንም አልተናገረም። ፈቃድና ባለቤትነት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ለየብቻ መጠየቅ አለባቸው።

ሕጉ የሚለውን በአጭሩ ልንገራችሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1132፣ ከአንድ ነገር ጋር የተያያዘና ያንን ነገር ሳያፈርስ ወይም ሳያበላሽ ሊለይ የማይችል ነገር ሁሉ የዚያው ነገር ክፍል ሆኖ ይቆጠራል ይላል። በልማድ የቤቱ ክፍል ተደርጎ የሚታየውም እንደዚያው ነው። ይህን ወደ ሠፈራችን ቋንቋ ስናመጣው ጥያቄው «ማን ገዛው?» የሚል ብቻ አይደለም፤ «ሲነቀል ቤቱ ይጎዳል ወይ?» የሚልም ነው። እንግዲህ የተከራዩን ሦስት ነገሮች በዚህ ሚዛን አንድ በአንድ እንያቸው።

መጀመሪያ ቀለሙ። ቀለምና ስቱኮ ተፍቆ የሚወሰድ ነገር አይደለም፤ ግድግዳው ላይ ካረፈበት ሰዓት ጀምሮ የቤቱ ነው። ስለዚህ ተከራዩ ቀለሙን መልሼ እወስዳለሁ ሊል አይችልም። ሊጠይቅ የሚችለው ገንዘብ ነው፤ ገንዘቡንም ያለ ክርክር የሚያገኘው አስቀድሞ ከተስማማ ነው።

ቀለም ሲቀባ አከራይን የሚጎዳ ነገርም አለ። የጭቃ ቤት ግድግዳ እርጥበት ይስባል። በእርጥብ ግድግዳ ላይ የዘይት ቀለም ከተቀባ እርጥበቱ መውጫ ያጣና ቀለሙ አብጦ ከነስቱኮው ይላጣል። ከግድግዳው ሥር የተነፋ ወይም ነጭ ጨው የመሰለ ነገር ያወጣ ቦታ ካያችሁ፣ ቀለም ከመግዛት በፊት ውሃው ከየት እንደሚመጣ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ከጣራው የሚወርድ ውሃ ግድግዳው ሥር ስለሚያቁር ነው። ይህን ማስተካከል የቤቱ ባለቤት ፋንታ ነው፤ ተከራይ በስቱኮ ቢሸፍነው ሌላ ክረምት አያልፍም። ደግሞም በዘይት ቀለም የተቀባ ግድግዳ ላይ በኋላ የውሃ ቀለም ለመቀባት የፈለገ ሰው መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ አለበት፤ አለዚያ አይይዝለትም። ጠቆር ያለ ቀይ ወይም ሰማያዊ የተቀባንም ወደ ነጭ ለመመለስ ሁለትና ሦስት ጊዜ መደራረብ ይጠይቃል። ስለዚህ «ቀለም ልቀባ» ብቻ አይበቃም። የቀለሙ ዓይነትና መልኩ ይነገር፤ አከራይም «ነጣ ያለ የውሃ ቀለም ከሆነ ፈቅጃለሁ» ብሎ መወሰን ይችላል።

ሁለተኛው ማሞቂያው ነው። ማሞቂያ በብሎን የተሰቀለ ዕቃ ነው። ብሎኑ ሲፈታ ማሞቂያው ይወርዳል፣ ቤቱም አይፈርስም። ስለዚህ ሌላ ስምምነት ከሌለ ማሞቂያው የገዛው ሰው ነው፤ ይዞት ይሄዳል። በግድግዳው ውስጥ የተቀበረው ቧንቧና የኤሌክትሪክ ሽቦ ግን ግድግዳ ካልተፈለጠ ስለማይወጣ ለቤቱ ይቀራል። ቀዳዳዎቹን ደፍኖ፣ የቧንቧውን አፍ በጣፓ ዘግቶ፣ የሽቦውን ጫፍ በሚገባ ሸፍኖ መሄድ የተከራዩ ግዴታ መሆን አለበት።

እዚህ ላይ ከባለቤትነት በፊት የሚመጣ አደጋ ስላለ ልብ በሉ። 50 ሊትር የሚይዝ ማሞቂያ ሲሞላ ውሃው ብቻ 50 ኪሎ ነው፤ የራሱ ብረት ሲጨመርበት ከ60 ኪሎ ያልፋል። የጭቃ ግድግዳ ይህን አይሸከምም። ብሎኬትም ቢሆን ውስጡ ባዶ ስለሆነ በትንሽ ፊሸር የገባ ብሎን ውሎ አድሮ ይሾልካል። ግድግዳውን በስቶ ከወዲያ በኩል በብረት የሚታሰር ረጅም ብሎን ይሻላል። ኤሌክትሪኩም እንደዚሁ ነው። 1500 ዋት የሆነ ማሞቂያ በ220 ቮልት 7 አምፔር ያህል ይስባል። ከመብራት መስመር ተቀንጥቦ መሰጠት የለበትም። ራሱን የቻለ መስመር፣ ራሱን የቻለ ማጥፊያና የመሬት ሽቦ ያስፈልገዋል። ሽቦው ወይም ሶኬቱ ሲነካ የሚሞቅ ከሆነ ወይም የተቃጠለ ላስቲክ ከሸተተ ወዲያው አጥፉትና ባለሙያ ጥሩ። በአንድ ቆጣሪ ብዙ ቤተሰብ በሚጠቀምበት ግቢ ደግሞ ማሞቂያው ከመሰቀሉ በፊት የመብራት ሒሳብ እንዴት እንደሚከፈል ይነገር።

ሦስተኛው መደርደሪያው ነው። ጠብ የሚበዛው እዚህ ነው፤ ምክንያቱም በመካከል ያለ ነገር ነው። በሁለት ብሎን የተያዘ መደርደሪያ እንደ ማሞቂያው ይነቀላል። ለወጥ ቤቱ ልክ ተሰፍቶ፣ በግድግዳው ተቸንክሮ፣ የዕቃ ማጠቢያው ገንዳ የተገጠመበት ከሆነ ግን ሲነቀል ልስኑንም ሴራሚኩንም ይዞ ይመጣል። ሌላ ቤት ቢወሰድም ልኩ አይገጥምም። እንዲህ ላለው ነገር ምክሬ ከመሠራቱ በፊት አንዱን መምረጥ ነው፦ ወይ ተነቃይ ሆኖ ይሠራና የተከራዩ ይሁን፣ ወይ ተሰፍቶ ይሠራና ዋጋው አስቀድሞ ተነግሮ ለቤቱ ይቅር።

ታዲያ የቀለሙ ገንዘብ እንዴት ይታሰብ? በምሳሌ እንየው። ስቱኮው፣ ቀለሙና የእጅ ዋጋው በደረሰኝ ተደምሮ 24,000 ብር ሆነ እንበል። በ1320/2016 አዋጅ መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፤ ዘመኑም ከ2 ዓመት አያንስም። ሁለት ዓመት 24 ወር ነው። ስለዚህ ተከራዩ በተቀመጠበት በየወሩ 1,000 ብር እንደተጠቀመበት ይቆጠራል። 24 ወሩን ከጨረሰ ሒሳቡ አለቀ፣ ማንም ለማንም አይከፍልም። አከራይዋ በራሳቸው ምክንያት በ15ኛው ወር መጨረሻ ቤቱን ቢፈልጉት፣ ያልተበላው 9 ወር ስለሆነ 9,000 ብር ይመልሳሉ። ተከራዩ በገዛ ፈቃዱ ቢወጣ ግን የሚመለስለት አይኖርም። ይህ ስሌት ሕግ አይደለም፤ ሁለቱ ወገኖች ሲስማሙበት ብቻ የሚሠራ ውል ነው። ግን ማንንም አይጎዳም፤ የተቀመጠበትን ሰው ለተቀመጠበት ያስከፍላል፣ በድንገት የወጣውን ደግሞ ያስባል።

አንድ ነገር ልጨምር። «ቤቱ አምሯልና ኪራይ ጨምር» የሚል ነገር አልፎ አልፎ ይሰማል። ተከራይ በገዛ ገንዘቡ ያሳመረውን ቤት በእሱው ላይ ማስወደድ ነውር ነው። በአዋጁም ቢሆን የኪራይ ጭማሪ ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መሠረት እንጂ አከራይ ባሻው ጊዜ የሚደረግ አይደለም። በሌላ በኩል ደግሞ፣ «ቀለም ቀብቻለሁና አልወጣም» ማለትም አይቻልም። ቀለም ቤት አያስወርስም።

ስለዚህ ሥራው ሳይጀመር አንድ ገጽ ወረቀት ይጻፍ። በወረቀቱ ላይ አምስት ነገር ይስፈር፦ ምን እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚከፍል፣ ሲለቀቅ የትኛው እንደሚቀርና የትኛው እንደሚነሣ፣ የሚነሣው ሲነሣ ምን ተደፍኖ ምን ተመልሶ እንደሚገጠም፣ የሚቀረውም ገንዘብ ካለው እንዴት እንደሚታሰብ። ሁለቱም ይፈርሙ፣ ሁለት ምስክር ይፈርም፤ ከዋናው ውል ጋር ይያያዝ፣ አንዳንድ ቅጂም ለየራሳቸው ይያዙ። ሥራው ሳይጀመር ግድግዳው በስልክ ፎቶ ይነሣ፤ ሲያልቅም እንደገና ይነሣ።

የሚረሳ ነገርም አለ። ተከራይ አሮጌውን የአምፖል መያዣ፣ አሮጌውን ቧንቧ ወይም የበር ቁልፍ አንሥቶ አዲስ ሲገጥም አሮጌው የአከራይ ንብረት ነው። አይጣል። በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ስም ተጽፎበት ይቀመጥ። ሲወጣ አዲሱን ፈቶ አሮጌውን መልሶ ይገጥማል። አሮጌውን የጣለ ሰው አዲሱን ለመውሰድ አፉ አይሞላም፤ ቤቱን ያለ ቧንቧ ትቶ ሊወጣ አይችልምና።

የጥያቄውን ውጤት ላሳውቃችሁ። ሁለቱ ወገኖች በጽሕፈት ቤታችን ተቀምጠው ተስማምተዋል። ቀለሙ ነጣ ያለ የውሃ ቀለም ሆኖ፣ ወጪው አሁን በነገርኳችሁ ስሌት በ24 ወር ይታሰባል። ማሞቂያው የተከራዩ ነው፤ የተቀበረው ቧንቧና ሽቦ ለቤቱ ይቀራል። መደርደሪያው ተነቃይ ሆኖ ይሠራል። ከግድግዳው ሥር ያለውን እርጥበት አከራይዋ ከስቱኮው በፊት ያስጠግናሉ፤ አሸንዳውን ለማስተካከል ሠራተኛ ጠርተዋል።

ይህን ዓይነት ወረቀት ለመጻፍ የምትፈልጉ፣ ሁለታችሁም አንድ ላይ ሆናችሁ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ኑ። አንዱ ወገን ብቻውን ቢመጣ ግን አንጽፍም።