አንዲት ፍሬም ስንት ጊዜ ትጠብቃለች? በካሜራ ምስል ላይ የሚደረግ የነገሮች ልየታን መዘግየት ስለ መቀነስ



ዛሬ የምናገረው በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ነው። ካሜራ አንድን ነገር ካየበት ቅጽበት አንሥቶ ኮምፒዩተሩ ሰው ወይም መኪና መሆኑን ለይቶ እስኪያሳውቅ ድረስ ስንት ጊዜ ያልፋል? ይህን ጊዜ ለማሳጠር ሁለት ዘዴዎች ዘወትር አብረው ይጠቀሳሉ፤ ኳንታይዜሽንና ባቺንግ። አብረው ይጠቀሱ እንጂ ባሕርያቸው አንድ አይደለም። ኳንታይዜሽን ሥራውን ራሱን ያቀልላል። ባቺንግ ግን መሣሪያው በአንድ ጊዜ ብዙ ፍሬሞችን እንዲያስተናግድ ያደርጋል እንጂ ለአንዲት ፍሬም የሚሰጠውን መልስ አያፋጥንም፤ እንዲያውም ሊያዘገየው ይችላል።

ነገሩን በምሳሌ እንከተለው። በእግረኛ ማቋረጫ ላይ ተተክሎ ለአሽከርካሪ ማስጠንቀቂያ መብራት የሚያበራ ካሜራ አለ እንበል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሰከንድ 16.7 ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ 100 ሚሊሰከንድ መዘግየት ማለት መኪናው 1.7 ሜትር ያህል ወደ እግረኛው ቀርቧል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው የሞዴል ጊዜያት ለስሌት እንዲመቹ የመረጥኳቸው ናቸው፤ በእያንዳንዱ መሣሪያ ላይ ተለክተው መገኘት አለባቸው።

ካሜራችን በሰከንድ 30 ፍሬም ይልካል፤ ማለትም በየ33 ሚሊሰከንዱ አንድ። ሞዴላችን በ32 ቢት ተንሳፋፊ ቁጥር ሲሠራ ለአንድ ፍሬም 45 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል፤ በሰከንድ 22 ፍሬም ያህል ይጨርሳል። በየሰከንዱ 8 ፍሬም ወረፋ ላይ ይቀራል። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ወረፋው 480 ይደርሳል፤ ይህን ለመጨረስ ደግሞ 22 ሰከንድ ያህል ያስፈልጋል። እንግዲህ «ሞዴሌ 45 ሚሊሰከንድ ነው የሚፈጀው» ያለ ሰው አልዋሸም፤ ነገር ግን ማስጠንቀቂያው የሚበራው መኪናው ካለፈ ከ20 ሰከንድ በላይ ቆይቶ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ወረፋውን ማስወገድ ነው። የሚቀመጠው የመጨረሻዋ ፍሬም ብቻ ትሁን፤ አዲስ ስትመጣ አሮጌዋ ትጣል። በጂስትሪመር ይህ በአንድ መስመር ይገለጻል፦

```
appsink drop=true max-buffers=1
```

ይህን ስናደርግ ሞዴሉ የሚያነሣት ፍሬም ዕድሜ ከ33 ሚሊሰከንድ አይበልጥም፤ 45 ሲጨመርበት ከ78 አያልፍም። ሞዴሉን ገና አልነካነውም። አሁን ግን ከሞዴሉ የምንቀንሰው እያንዳንዱ ሚሊሰከንድ በእርግጥ ለእግረኛው ይደርሳል።

ወደ ኳንታይዜሽን እንምጣ። የሞዴሉን ክብደቶችና በመሐል የሚያልፉትን እሴቶች ከ32 ቢት ተንሳፋፊ ቁጥር ወደ 8 ቢት ሙሉ ቁጥር እንለውጣለን። የሚያዘው ማኅደረ ትውስታ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ መሣሪያው የ8 ቢት ስሌትን በቀጥታ የሚሠራ ክፍል ካለው ጊዜውም በእጅጉ ይቀንሳል። ከሌለው ግን ወዲያና ወዲህ መለወጡ ራሱ ጊዜ ይበላል። በእኛ ምሳሌ 45ቱ ወደ 15 ሚሊሰከንድ ወረደ እንበል። ቀመሩ ቀላል ነው፦

```
q = round(x / s) + z
```

እዚህ ላይ `s` የእርምጃው ስፋት ነው፤ `z` ደግሞ ዜሮ የሚያርፍበት ቦታ። 8 ቢት 256 ቦታዎች ብቻ ስላሉት የ`s` መጠን ሁሉንም ይወስናል። ይህን መጠን የምናገኘው በካሊብሬሽን ነው፤ ምስሎችን በሞዴሉ እያሳለፍን እሴቶቹ የሚዘረጉበትን ክልል እንመዘግባለን።

አደጋውም ያለው እዚሁ ነው። አንዳንድ የልየታ ሞዴሎች የሳጥኑን መጋጠሚያና የእርግጠኝነቱን መጠን በአንድ ውጤት አጣብቀው ያወጣሉ። መጋጠሚያው ከ0 እስከ 640 ፒክስል ይደርሳል፤ እርግጠኝነቱ ከ0 እስከ 1 ብቻ ነው። ሁለቱ አንድ `s` ከተጋሩ እርምጃው 640 ለ255 ሲካፈል፣ ማለትም 2.5 ያህል ይሆናል። 0.9 የነበረው እርግጠኝነት ለ2.5 ሲካፈል 0.36 ነው፤ ሲጠጋጋም ዜሮ። ሞዴሉ በሰው ፊት ቆሞ ምንም አላየሁም ይላል። የስህተት መልእክት አይወጣም፤ የፍጥነቱ ቁጥርም ያማረ ነው። መፍትሔው ሁለቱን ውጤቶች ለይቶ ለየራሳቸው እርምጃ መስጠት፣ ወይም የመጨረሻዎቹን ንብርብሮች በተንሳፋፊ ቁጥር መተው ነው። እነዚህ ንብርብሮች ከሥራው ጥቂቱን ብቻ ስለሚይዙ የሚያስከፍሉት ጊዜ አነስተኛ ነው።

ሌላው ችግር ከዚህ የረቀቀ ነው። የካሊብሬሽን ምስሎቹ ሁሉ የቀን ከሆኑ፣ ሌሊት በመኪና መብራት ምክንያት ከክልሉ የሚወጡ እሴቶች ጫፉ ላይ ይቆረጣሉ። ስለዚህ ምስሎቹ ከዚያው ካሜራ፣ ከቀንም ከሌሊትም ይወሰዱ። ለመፈተሽም አንድን ምስል ለሁለቱም ሞዴሎች ሰጥታችሁ ገና ያልተጣራውን ውጤት አነጻጽሩ። የአማካይ ትክክለኛነት ቁጥር ብቻውን አይበቃም፤ የቀረበው መኪና በትክክል እየተለየ ራቅ ያለው እግረኛ ጠፍቶ ሊሆን ይችላልና።

አሁን ባቺንግ። አራት ፍሬሞችን አንድ ላይ ስንሰጥ መሣሪያው ክብደቶቹን አንድ ጊዜ አንብቦ ለአራቱም ይጠቀምባቸዋል፤ ስለዚህ አራቱ 60 ሳይሆን 28 ሚሊሰከንድ ይፈጃሉ እንበል። ያለን ግን አንድ ካሜራ ብቻ ቢሆንስ? የመጀመሪያዋ ፍሬም ሦስት እኅቶቿ እስኪመጡ 100 ሚሊሰከንድ ትጠብቃለች፤ 28 ሲጨመር 128 ይሆናል። ብቻዋን ብትሄድ ኖሮ በ15 ትጨርስ ነበር። በአንድ ካሜራ ላይ ባቺንግ ኪሳራ ነው።

ካሜራዎቹ አራት ሲሆኑ ፍርዱ ይገለበጣል። በሰከንድ 120 ፍሬም ይመጣል፤ አንድ በአንድ ብንሠራ የምንጨርሰው 66 ብቻ ነው፤ ግማሽ ያህሉ ይጣላል። በአራት አራት ከሠራን ግን 142 ድረስ እንችላለን። ካሜራዎቹ እኩል ስለማይተኩሱ ባቹ እስኪሞላ እስከ 33 ሚሊሰከንድ መጠበቅ ሊኖር ይችላል፤ በድምሩ 61 ይሆናል። ከዚህ የተሻለው ግን እስኪሞላ አለመጠበቅ ነው፤ መሣሪያው ነጻ በሆነ ቁጥር ከየካሜራው የቆየችውን የመጨረሻ ፍሬም፣ አንድም ትሁን አራት፣ ወስዶ ይሂድ። ሁለት ፍሬም 19፣ ሦስት ፍሬም 24 ሚሊሰከንድ ቢፈጁ፣ ባቹ በራሱ በ2 እና በ3 መካከል ይረጋል፤ ከመጠበቅ ጋር የሚያልፈው ጊዜም ብዙውን ጊዜ ከ48 ብዙም አይርቅም። ጭነቱ ሲበዛ ባቹ ያድጋል፤ ሲቀንስ ያንሳል።

በመጨረሻ ስለ መለካት። ጂፒዩ ትእዛዙን ተቀብሎ ሥራውን ሳይጨርስ ስለሚመልስ፣ ሰዓታችሁን የምታቆሙት ሥራው ማለቁን ካረጋገጣችሁ በኋላ ይሁን። አማካዩን ብቻ ሳይሆን ከመቶ 99ኙ ፍሬሞች የማያልፉትን ጊዜ ተመልከቱ፤ አደጋው በቀሪዋ አንዷ ላይ ነውና። ከሁሉም በላይ ሙሉውን መንገድ ለኩ፦ ሚሊሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት በስክሪን ላይ አድርጋችሁ በካሜራው ፊት አስቀምጡ፤ የሥርዓቱን ውጤት የሚያሳየውን ስክሪን ከጎኑ አቁሙና ሁለቱን በአንድ ፎቶግራፍ አንሡ። በሁለቱ ሰዓቶች መካከል ያለው ልዩነት እግረኛው በእርግጥ የሚጠብቀው ጊዜ ነው።