«ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው»
(በወርሃዊ ስብሰባችን ላይ ከቀረበ ንግግር)

እህቶቼ፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ኢሜይል ነው። የጻፍኩት ራሴ ስለሆንኩ ማንንም አላማም።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ብዙ ሽሮ አዘጋጅተን ነበር። ሽሮ በብዛት የሚፈለገው በጾም ስለሆነ ለአንድ ምግብ ቤት ባለቤት እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«ጉዳዩ፦ ትብብርን ይመለከታል። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ ማኅበራችን የሴቶችን ሁለንተናዊ ተጠቃሚነት ለማረጋገጥ ከባለድርሻ አካላት ጋር በቅንጅት እየሠራ ይገኛል። በመሆኑም ምናልባት ጊዜ ካለዎት፣ የሚቻል ከሆነ፣ በምርቶቻችን ዙሪያ ብንነጋገር መልካም ነው ብለን እናስባለን። ለሚደረግልን ቀና ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን።»

መልስ አልመጣም። ጾሙ ከገባ በኋላ አንዲት እህታችን አንድ ኪሎ ይዛ ሄደች። ሰውየው ሽሮውን አሸተተና «ኢሜይላችሁን አይቼዋለሁ፤ መዋጮ የምትጠይቁ መስሎኝ ተውኩት። አሁን ከሌላ ሰው ገዝቻለሁ» አላት። ቤት ገብቼ ደብዳቤዬን መልሼ ሳነበው «ሽሮ» የሚል ቃል የለበትም!

ከዚያ ወዲህ ከመላኬ በፊት ሦስት ነገር እፈልጋለሁ። የመጀመሪያው ቦታ ከመያዝ በቀር ሥራ የሌለው ቃል ነው። «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» የሚለውን ሰርዙትና አንብቡት፤ የጎደለ ነገር የለም። «እየሠራ ይገኛል» ማለትም «ይሠራል» ማለት ነው። ተቀባዩ በስልኩ መጀመሪያ የሚያየው ርዕሱንና ጥቂት ቃላትን ብቻ ነው። እኔ እነዚያን ቃላት በከንቱ ጨረስኳቸው።

ሁለተኛው የስብሰባ ቃል ነው፤ «ሁለንተናዊ ተጠቃሚነት»፣ «ባለድርሻ አካላት»፣ «በቅንጅት»። እነዚህን የለመድናቸው ከፕሮጀክት ወረቀት ነው። መፈተኛዬ ቀላል ነው፦ ይህን ለእናቴ በስልክ ብነግራት «ምን ማለትሽ ነው?» ትለኛለች? የምትለኝ ከሆነ በዓይን የሚታይና የሚቆጠር ነገር እተካለሁ። «የሴቶች ተጠቃሚነት» ያልኩት 14 ሴቶች ሽሮ ሸጠው ገንዘቡን መካፈላቸውን ነበር። የለጋሽ ቅጽ እነዚያን ቃላት ከጠየቀን እንጽፋቸዋለን፤ ግን አጠገባቸው ቁጥሩን እናስቀምጥ።

ሦስተኛው ማፈግፈጊያ ነው። «ምናልባት»፣ «ጊዜ ካለዎት»፣ «የሚቻል ከሆነ»፣ «መልካም ነው ብለን እናስባለን»፤ አራቱም በአንድ ዓረፍተ ነገር! እኛ ይህን የምንጽፈው ትሕትና መስሎን ነው። በቋንቋችን ግን አክብሮት ያለው በ«እርስዎ» እና በግሱ ውስጥ ነው፤ «ይንገሩን» ስንል አክብረናል። አንድ «እባክዎ» ሲጨመርበት ይበቃል። «ምናልባት» ሲደጋገም ሰውየው የሚሰማው አክብሮት ሳይሆን በሽሯችን አለመተማመናችንን ነው።

ሆኖም ጥርጣሬ ሁሉ አይሰረዝም። ያላወቅነውን እንዳወቅን ብንጽፍ በኋላ እናፍራለን። እውነተኛው ጥርጣሬ በየትኛው ነገር ላይ እንደሆነ ተለይቶ አንድ ጊዜ ይነገር።

ደብዳቤውን እንደገና ጽፌ ለሌሎች አራት ምግብ ቤቶች ላክሁ፦

«ጉዳዩ፦ ለጾሙ በየሳምንቱ 20 ኪሎ ሽሮ። ጤና ይስጥልን። በማኅበራችን 14 ሴቶች ሽሮ እናዘጋጃለን። እስከ ፋሲካ ድረስ በየሳምንቱ ሰኞ 20 ኪሎ ለምግብ ቤትዎ እናደርሳለን። ከፋሲካ በኋላ ምን ያህል እንደሚኖረን ገና አላወቅንም። ሐሙስ ጠዋት አንድ ኪሎ ለቅምሻ ይዘን እንምጣ? እባክዎ በዚሁ ኢሜይል ይንገሩን።»

መጨረሻውን ልብ በሉ። የመጀመሪያው ደብዳቤ መልስ የሚሰጥበት ጥያቄ አልነበረውም። ይኸኛው «ኑ» ወይም «አትምጡ» ብሎ መመለስ ይቻላል።

ሁለቱ መለሱ። አንደኛዋ ሐሙስ ኑ አለችን፤ ቀምሳም በሳምንት 10 ኪሎ ያዘች። ሁለተኛው ግን «ኪሎው ስንት ነው?» ብቻ ብሎ ጻፈ። ለካ ያን ሁሉ ቃል ቆርጬ ባዶ ቦታ ሳገኝ ዋጋውን መጻፍ ረስቻለሁ! ዋጋውን ስልክለት ውድ ነው ብሎ ተወው። እሱም መልስ ነው፤ ቢያንስ ሽሮ እንደምንሸጥ አውቋል።

መሥሪያ ቤት በቁጥርና በማኅተም የሚቀበለውን ደብዳቤ በወጉ እንጻፍ፤ እዚያ «ጉዳዩ» ግልጽ ይሁን እንጂ ሥርዓቱን አንጣላም። ለገዢና ለደጋፊ የምንልከውን ግን ለሚቀጥለው ስብሰባ አንድ አንድ ይዛችሁ ኑ። አንዷ ጮክ ብላ ታንብብ፤ ሌሎቻችን ምን እንደተጠየቀ እንናገር። መናገር ካቃተን ተቀባዩም አልገባውም ማለት ነው።