መልሱን የያዘ ጥያቄ

በ1974 እ.ኤ.አ. አሜሪካውያኑ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ኤልዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር ለተማሪዎች የመኪና አደጋ ፊልም አሳዩ። 50ውን «መኪኖቹ ሲጋጩ ፍጥነታቸው ስንት ነበር?» አሏቸው፤ ሌሎቹን 50 ደግሞ «ክፉኛ ሲላተሙ» ብለው ጠየቁ። ከሳምንት በኋላ የተሰባበረ መስታወት አይተው እንደሆነ ሲጠየቁ፣ ከፊተኞቹ 7፣ ከኋለኞቹ 16 «አይተናል» አሉ። ፊልሙ ላይ ግን የተሰበረ መስታወት አልነበረም።

የጥያቄው ቃል ትዝታን ሊለውጥ ይችላል፤ ስለዚህ ምስክር የሚጠይቅ መርማሪ «ሌባው ቀይ ጃኬት ለብሶ ነበር አይደል?» ማለት የለበትም። «ያዩትን ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» ብሎ ሳያቋርጥ ያድምጥ። ከዚያ «ምን ለብሶ ነበር? የት ቆመው አዩት?» ይበል። ቀድሞ የጠረጠረው ሰው ካለም ስሙን እሱ አያንሳ፤ ምስክሩ ራሱ ያንሳው።

እናንተም ለምስክርነት ስትጠሩ፣ ያላያችሁትን «አላየሁም» በሉ።