ታብሌቱን ጠረጴዛ ላይ አጋድሙት

ሒሩት፦ ዓይን አፋር ልጅ ላላቸው ወላጆች ዛሬ አንድ ጨዋታ ይዘናል። ቶካ ቲ ፓርቲ ይባላል፤ የሠራው የስዊድኑ ቶካ ቦካ ነው። ደረጄ፣ ለምን እሱን መረጥክ?

ደረጄ፦ ታብሌቱ በእጅ አይያዝም፤ እንደ ጠረጴዛ ይጋደማል። ልጁ የጠረጴዛ ልብስ ይመርጣል፣ ኬክ ያቀርባል፣ መጠጥ ይቀዳል። ማሸነፍና መሸነፍ የለም። የልጁም የወላጁም ዓይን ወደ ታች ስለሆነ ዓይን ለዓይን መተያየት አይኖርም፤ የሚያፍር ልጅን ደግሞ በጣም የሚከብደው እሱ ነው።

ሒሩት፦ መጠጡ ሲደፋስ? እናት «ተጠንቀቅ!» ማለቷ አይቀርም እኮ።

ደረጄ፦ እዚያ ጋ ዝም ትበል! መደፋቱም መጥረጉም የጨዋታው አካል ነው። ወላጅ እንግዳ ነው፤ የቀረበለትን ይብላ። «ይሄ ምንድን ነው? ቀለሙስ?» እያለ ፈተና ካደረገው ልጁ እጁን ይሰበስባል፤ ጥያቄው እንደበዛ በዚያ ይታወቃል። «ኬኩ ጣፈጠኝ» ብሎ መጠበቅ ይሻላል። ልጁ ራሱ «ልጨምርልህ?» ይላል።

ሒሩት፦ ለየትኛው ዕድሜ?

ደረጄ፦ ከ3 እስከ 5 ዓመት ላሉት ይስማማል። ትልልቆቹን ቶሎ ይሰለቻቸዋል።

ሒሩት፦ ወላጆች፣ ልጃችሁ ከእናንተ ጋር ሲለምደው አያቱን ወይም የጎረቤት ልጅ ጨምሩ፤ ማን እንደሚጋበዝ ግን እሱ ይምረጥ።