ከደመወዝ ላይ ግብር እንዴት እንደሚታሰብ



እኛ የሸርቆሌ ተማሪዎች «ደመወዝ ሲጨመር ጭማሪውን ግብር ይበላዋል» ሲባል እንሰማለን። ነገሩን በሒሳብ ለመመርመር ይህን የአንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት አሰናድተናል።

አስተማሪው በሰሌዳው ላይ 6,000 ብር የወር ደመወዝ ይጽፍና በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት በሦስት ይከፍለዋል። የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም። ሁለተኛው 2,000 ብር ከመቶ 15 ሲታሰብበት 300 ብር ይወጣዋል። ሦስተኛው 2,000 ብር ከመቶ 20 ሲታሰብበት 400 ብር ይሆናል። ድምሩ 700 ብር ነው፤ የጡረታው መዋጮ ለብቻው ስለሆነ እዚህ አናገባውም።

6,000ውን በሙሉ ከመቶ 20 አስቦ «1,200 ብር» የሚል ተማሪ አይታጣም። አስተማሪው አይቆጣው፤ ይልቁንም በዚያው በተማሪው ስሌት አንዱ 4,000፣ ሌላው 4,100 ብር የሚያገኙ ሁለት ሠራተኞችን ያሠራው። ለመጀመሪያው 3,400 ብር ሲተርፈው ለሁለተኛው 3,280 ብር ብቻ ይተርፈዋል፤ ደመወዝ የተጨመረለት ሰው ደኸየ ማለት ነው። ተማሪው ራሱ «ይህስ ሊሆን አይችልም» ማለቱ አይቀርም።

በአዋጁ አሠራር ግን ከመቶ 20 የሚታሰበው ከ4,000 በላይ ባለችው 100 ብር ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ አንደኛው 300 ብር ከፍሎ 3,700፣ ሁለተኛው 320 ብር ከፍሎ 3,780 ብር ይዞ ይገባል። ከጭማሪው ግብር የወሰደው 20 ብር ነው፤ 80ው ብር የሠራተኛው ነው።

ጊዜ ከተረፈ 4,000 ብር የሚያገኘው ከመቶ ብር 7 ብር ከ50፣ 6,000 የሚያገኘው ግን ወደ 12 ብር ገደማ እንደሚከፍል ተማሪዎቹ ራሳቸው አካፍለው ይድረሱበት።